ከእንግሊዝኛ ፔፐር የወሰድኩትን ሐሳብ በአማርኛ ስጽፈው የት ላይ ነው ኮፒ የሚሆነው?

ማኪ_አዳማ
ሰላም እንዴት ናችሁ። አዳማ ነው ያለሁት፣ አንድ የውሃ ፕሮጀክት ውስጥ እሠራለሁ። ፕሮጀክቱ በአማርኛ የሚያሳትማት ትንሽ መጽሔት አለች፣ ስለ ፍሎራይድ የሚወጣውን አንቺ ጻፊው ተባልኩ። ወንጂና አካባቢው ጥርሱ የበለዘ ሰው ለምን እንደበዛ ብትጠይቁ ሁሉም "ከውሃው ነው" ይላችኋል፣ ውሃው ለምን እንደዛ እንደሆነ ግን የሚነግራችሁ የለም፣ እሱን ለማስረዳት አንድ የእንግሊዝኛ ፔፐር ላይ መደገፍ አለብኝ። የጸሐፊዎቹን ስም እዚህ ማንሳት ስላልፈለግኩ ሀ እና ለ ልበላቸው። አንዱ ዓረፍተ ነገራቸው ቃል በቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው

«በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ከፍተኛ ፍሎራይድ የተገኘባቸው የከርሰ ምድር ውሃዎች በአብዛኛው ዝቅተኛ ካልሲየም እንዲሁም ከፍተኛ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ያላቸው ሲሆኑ፣ ይህም የፍሎራይዱ መጠን በከፊል በፍሎራይት ማዕድን ሟሟነት የሚገደብ ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል።»

እኔ ደግሞ እንዲህ አድርጌ ጻፍኩት

«በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ብዙ ፍሎራይድ የታየባቸው የጉድጓድ ውሃዎች ባመዛኙ አነስተኛ ካልሲየምና ብዙ ሶዲየምና ባይካርቦኔት የያዙ ናቸው፤ ይህም የፍሎራይዱ መጠን በፍሎራይት ማዕድን ሟሟነት እንደሚወሰን ያሳያል (ሀ እና ለ)።»

ቋንቋው ሌላ ነው፣ ቃሎቹንም ቀይሬያለሁ፣ ስማቸውንም ጠቅሻለሁ። ግን ደጋግሜ ሳነበው የኔ አልመስል አለኝ። ይሄ ኮፒ ነው ወይስ አይደለም? አለቃዬን ብጠይቀው "ተርጉመሽዋል እኮ ምን ችግር አለው" ነው ያለኝ።

የፍራንኮ_ልጅ
ሳይት ካደረግሽ በቃ ምን ያስጨንቅሻል። እኛ ጋር አድቫይዘራችን ሲነግረን አራት ቃል በተከታታይ ካልተመሳሰለ ኮፒ አይባልም ይል ነበር። ያንቺ ደግሞ አራት ቃል ቀርቶ ፊደሉም አይመሳሰልም፣ አንዱ እንግሊዝኛ አንዱ አማርኛ። በዛ ላይ ማንም ሰው በሶፍትዌር አይፈትሽሽም። ሰላም እደሪ።

ጋሽ_ኤዲተር
ማኪ፣ አልመስል ያለሽ ስሜት ትክክል ነው፣ ምክንያቱን ላሳይሽ። ሁለቱን ዓረፍተ ነገር ጎን ለጎን አድርጊና ቃላቱን እርሺያቸው፣ አጥንቱን ብቻ ተመልከቺ። መጀመሪያ ቦታው፣ ከዛ ብዙ ፍሎራይድ ያለበት ውሃ፣ ከዛ ካልሲየም ዝቅ፣ ከዛ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ከፍ፣ ከዛ "ይህም" ብሎ ወደ ፍሎራይት። ያንቺም የእነሱም አንድ ነው፣ አንድ ክፍል እንኳን ቦታውን አልለወጠም። ያደረግሽው "ከፍተኛ" የሚለውን "ብዙ"፣ "ዝቅተኛ" የሚለውን "አነስተኛ"፣ "በአብዛኛው" የሚለውን "ባመዛኙ" ማለት ነው። ይሄን ነገር ርብቃ ሙር ሃዋርድ የምትባል አሜሪካዊት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ፓችራይቲንግ ብላ ስም አውጥታለታለች፣ የሰው ዓረፍተ ነገር ላይ እየጣፉ መጻፍ ማለቷ ነው። እሷ እንዲያውም እንደ ሌብነት አትቆጥረውም፣ ጀማሪ ሰው ያልለመደውን ትምህርት ሲጽፍ የሚያልፍበት መንገድ ነው ነው የምትለው፣ ግን የመጨረሻ ጽሑፍ ላይ እንዳለ ይቆይ አላለችም።

የፍራንኮ ልጅ፣ ሳይቴሽን ያልከው ግማሹን ነው የሚሸፍነው። ስማቸውን ስትጠቅስ ሐሳቡ የእነሱ መሆኑን ትናገራለህ። ትምህርተ ጥቅስ ሳታደርግ ስትቀር ደግሞ አነጋገሩ ያንተ መሆኑን ትናገራለህ። ሁለተኛው ነው እዚህ ውሸት የሚሆነው። አራት ቃል የሚባለው መለኪያ አንዳንድ መምህራን ለተማሪ እንዲቀል የሚሰጡት ነው እንጂ ሕግ አይደለም፣ ለትርጉም ደግሞ ጭራሽ አይሠራም።

አሁን ወደሚገርመው ልምጣ። ማኪ፣ ጽሑፍሽ አጥንቱ ላይ ከልክ በላይ ቅርብ ሆኖ፣ ትርጉሙ ላይ ደግሞ ከልክ በላይ ርቋል። እነሱ "በከፊል" ብለዋል፣ አንቺ ጋር ጠፋ። እነሱ "ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል" ብለዋል፣ አንቺ "እንደሚወሰን ያሳያል"። እነሱ "የከርሰ ምድር ውሃ" ብለዋል፣ አንቺ "የጉድጓድ ውሃ"፣ ምንጩስ? ፍል ውሃውስ? እና ስማቸውን ከኋላ ስለጻፍሽ ያላሉትን አስባልሻቸው። ብዙ ሰው ቃል መቀየር ላይ ሲጠመድ የሚደርስበት ይሄ ነው፣ መጀመሪያ የሚቀየሩት ትንንሾቹ ቃላት ናቸው፣ የጥናቱ ጥንቃቄ ያለው ደግሞ እነሱ ውስጥ ነው።

ሶደሬ_መንገድ
እኔም ተመሳሳይ ችግር አለብኝ። ቲሲሴ ተርኒቲን ላይ 34 ፐርሰንት አወጣብኝ፣ ዲፓርትመንቱ ደግሞ ከ20 በታች ካልሆነ አልቀበልም አለ። ዓረፍተ ነገሮቹን እንዴት ብቀይራቸው ነው ቶሎ የሚወርደው? ሲኖኒም የሚሰጥ ዌብሳይት ካወቃችሁ ሊንኩን ላኩልኝ ባካችሁ፣ አስቸኳይ ነው።

መጻሕፍት_ጠባቂዋ
ሶደሬ ወንድሜ ያንተ ጥያቄ ሌላ ነው ግን ባጭሩ ልመልስልህ። ተርኒቲን ፕላጀሪዝም አይለካም፣ ተመሳሳይ ጽሑፍ ብቻ ነው የሚቆጥረው፣ ራሳቸው ድርጅቱም ይሄንኑ ነው የሚሉት። መጀመሪያ ሪፖርቱን ከፍተህ የሪፈረንስ ዝርዝርህና በትምህርተ ጥቅስ ያሉት ተቆጥረውብህ እንደሆነ እይ፣ እነሱን የሚያስወጣ ፊልተር አለው፣ ዲፓርትመንትህን አስወጥታችሁ አሳዩኝ በላቸው። ከዛ በኋላ ተከታታይ ሆኖ በአንድ ቀለም ከተሰመረበት አንቀጽ ጀምር፣ እዚህም እዚያም የተበታተነው "የዚህ ጥናት ዋና ዓላማ" ዓይነቱ ምንም አይደለም። የሲኖኒም ዌብሳይት ግን ተው። እዚህ ቤት የመጣ አንድ ጽሑፍ ላይ "የከርሰ ምድር ውሃ" የሚለው "የመሬት ሆድ ፈሳሽ" ሆኖ አይቻለሁ፣ ሥራዬ ብዬ ስስቅ ዋልኩ።

ሶደሬ_መንገድ
ሃሃሃ እሺ ፊልተሩን አላውቅም ነበር፣ ልየው።

ኬሚስቷ
ጋሽ ኤዲተር ያሉት ልክ ነው ግን አንድ ነገር ልጨምር። ማኪ ዓረፍተ ነገሩን በራስሽ አባባል መጻፍ ያቃተሽ አማርኛ አንሶሽ አይመስለኝም፣ ውስጡ ምን እየተባለ እንደሆነ ስላልተብራራልሽ ነው የሚመስለኝ፣ አትቀየሚኝ። ነገሩ ከገባሽ የእነሱን ቅደም ተከተል መከተል ራሱ ያስጠላሻል።

እኛ ጋር ያለው ዓለት እሳተ ገሞራ የወለደው ነው፣ ፍሎራይዱ ከሱ ነው እየሟሟ ወደ ውሃው የሚገባው። ውሃው ውስጥ በቂ ካልሲየም ካለ ፍሎራይዱና ካልሲየሙ ተያይዘው ፍሎራይት የሚባል ማዕድን ይሆኑና ይወርዳሉ፣ ስለዚህ ፍሎራይዱ ከተወሰነ መጠን አያልፍም። ባይካርቦኔት የበዛበት ውሃ ላይ ግን ካልሲየሙን ቀድሞ ባይካርቦኔቱ ነው የሚያስወርደው፣ ማንቆርቆሪያ ታች የሚጋገረው ነጩ ነገር ማለት ነው። የቀረውን ካልሲየም ደግሞ ሸክላ አፈሩ ይይዘውና በምትኩ ሶዲየም ይለቃል። ካልሲየም ሲያልቅ ፍሎራይዱን የሚይዘው ስለሌለ እየበዛ ይሄዳል። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ ሁለት ነገር ነው ያለው። አንዱ ያዩት ነው፣ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ካልሲየም ያንሰዋል። ሌላው የገመቱት ነው፣ ጣሪያውን የሚወስነው በከፊል የፍሎራይት ሟሟነት ሊሆን ይችላል። ያዩትን እንዳዩት፣ የገመቱትን እንደገመቱት አድርገሽ ብትለዪው ግማሹ ሥራ አለቀ።

የፍራንኮ_ልጅ
እሺ ከገባኝ ልሞክረው፣ አትሳቁብኝ

«የስምጥ ሸለቆ ውሃ ካልሲየም ስለሌለው ፍሎራይድ ያመነጫል። ይህንን ሀ እና ለ በጥናታቸው አረጋግጠዋል።»

አጭር፣ ግልጽ፣ ከእነሱ ጋር ምንም አይመሳሰልም። አይደል?

ኬሚስቷ
አይመሳሰልም፣ እውነትም አይደለም 😄 ፍሎራይዱን ያመነጨው ዓለቱ ነው እንጂ የካልሲየም ማነስ አይደለም፣ የካልሲየም ማነስ የሚያደርገው እንዳይወርድ ነው። "ስለሌለው" አልክ፣ እነሱ ዝቅተኛ ነው ያሉት። "የስምጥ ሸለቆ ውሃ" ብለህ ሁሉንም ጠቀለልክ፣ እነሱ ያወሩት ፍሎራይድ ስለበዛበት የከርሰ ምድር ውሃ ብቻ ነው፣ እሱም "በአብዛኛው" ብለው። "አረጋግጠዋል" ደግሞ ጭራሽ አላሉም። ኮፒ ከማድረግ ይሄኛው ሳይብስ አይቀርም፣ ኮፒው ቢያንስ ለትክክሉ ይቀርብ ነበር።

የፍራንኮ_ልጅ
ኧረ ቀስ! ግን እኮ የመጽሔት አንባቢ "በከፊል ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል" ሲባል እንቅልፍ ነው የሚወስደው። ለሕዝብ ሲጻፍ ቁርጥ ያለ ነገር ነው የሚፈለገው።

ጋሽ_ኤዲተር
እሱ ያልከው ቀላል ጥያቄ አይደለም፣ እኔም ከጸሐፊዎች ጋር ብዙ ጊዜ እከራከርበታለሁ። ለአንባቢ ሲባል ማሳጠር ይቻላል፣ ጥርጣሬውን ግን በአንድ ቃልም ቢሆን ማቆየት አለብህ፣ "ይመስላል" ማለት እኮ ማንንም አያስተኛም።

ማኪ፣ አሠራሩን ልንገርሽ፣ እኔ እንደዚህ ነው የማደርገው። ፔፐሩን ዝጊው፣ የጻፍሽውንም ዝጊው። ሳይንስ ለማያውቅ ሰው፣ ለእናትሽም ይሁን ለሥራ ባልደረባሽ፣ ነገሩን በአፍሽ አስረጂ። ስታስረጂ ከየት እንደጀመርሽ ልብ በይ፣ ሰው በአፉ ሲያስረዳ እንደ ፔፐር አይጀምርም። የተናገርሽውን ወዲያው ጻፊው። ፔፐሩን የምትከፍቺው ከዛ በኋላ ነው፣ ስትከፍቺም የምትፈልጊው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ ቦታው፣ መጠኑ፣ እርግጠኝነቱ እንደነበረ ነው ወይ? ሁለተኛ ሳላውቀው ከእነሱ የወጣ አባባል ተመልሶ ገብቶብኛል ወይ? እንደ "ፍሎራይት"፣ "ባይካርቦኔት"፣ "የከርሰ ምድር ውሃ" ያሉት የሙያ ቃላት ናቸው፣ የማንም ንብረት አይደሉም፣ እነሱን ለመቀየር አትድከሚ። ግን እነሱ ራሳቸው የፈጠሩት አንድ ለየት ያለ አባባል ካለና ከሱ የተሻለ ካጣሽ በትምህርተ ጥቅስ አስገቢው፣ ነውር የለውም።

መጻሕፍት_ጠባቂዋ
ጋሼ ያሉትን እደግፋለሁ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዛ በፊት ነው፣ ኖት ሲይዝ። ስልኩ ላይ ወይ ደብተሩ ላይ ከፔፐሩ ቃል በቃል የተረጎመውንና የራሱን ሐሳብ አንድ ላይ ይጽፋቸዋል፣ ከሁለት ወር በኋላ ሲያነበው ሁሉም በራሱ እጅ ጽሑፍ፣ በራሱ አማርኛ ስለሆነ ሁሉም የራሱ ይመስለዋል። ሳይታሰብ የሚኮረጀው በብዛት እንደዚህ ነው፣ ሰውየው ሌባ ሆኖ አይደለም። ለተማሪዎች የምነግራቸው፣ ቃል በቃል የገለበጣችሁትን ቢተረጎምም ቢያጥርም ወዲያው «» ውስጥ አድርጉት ገጹንም ጻፉ፣ የራሳችሁን ሐሳብ ደግሞ ፊት ለፊቱ "የኔ" ብላችሁ ጀምሩት ነው። ማኪ ኖትሽ ላይ ያለው የቱ የማን እንደሆነ መለየት ትችያለሽ?

ማኪ_አዳማ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ኖቱ ላይ እዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ስለሆነ ከፔፐሩ ጋር እያስተያየሁ ለይቼዋለሁ። ኬሚስቷ ስታብራሪው ነው እውነትም የገባኝ፣ ማንቆርቆሪያው ላይ ስትደርሺ በቃ። ቢሮ ውስጥ ላለች የሒሳብ ሠራተኛ በአፌ አስረዳኋት፣ "እና ካልሲየሙ ነው ጠባቂው" አለችኝ፣ ከሷ ተነስቼ እንዲህ ጻፍኩ

«ካልሲየም ባለበት ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ እንደልቡ አይበዛም፤ ሁለቱ ተያይዘው ፍሎራይት የሚባል ማዕድን ሆነው ይወርዳሉ። ሀ እና ለ የስምጥ ሸለቆን የከርሰ ምድር ውሃ ሲመረምሩ ፍሎራይድ በበዛበት አብዛኛው ናሙና ላይ ያጡት ይህን ካልሲየም ነው፤ በቦታው ሶዲየምና ባይካርቦኔት ከፍ ብለው አግኝተዋል። ፍሎራይዱ እስከ ምን ድረስ እንደሚወጣ ከሚወስኑት አንዱ የፍሎራይት ሟሟነት ሳይሆን አይቀርም ይላሉ።»

ጋሽ_ኤዲተር
እንዲህ ነው! አሁን አነጋገሩ ያንቺ ነው። የጀመርሽው ከአሠራሩ ነው፣ እነሱ ከቦታው ነበር የጀመሩት። አንድ ዓረፍተ ነገር የነበረው ሦስት ሆኗል። ስማቸውን መሐል ላይ ማምጣትሽንም ወድጄዋለሁ፣ ምክንያቱም አንቀጹ መጨረሻ ላይ በቅንፍ ብቻ ብታስቀምጪው አንባቢው የትኛው ዓረፍተ ነገር የማን እንደሆነ አያውቅም። መጨረሻ ላይ "ይላሉ" የሚለውም ግምቱ የእነሱ መሆኑን ይዟል።

ኬሚስቷ
እኔም ወድጄዋለሁ ግን ሁለት ነገር። "ያጡት ካልሲየም" ስትይ ጭራሽ የሌለ ይመስላል፣ "ያነሰው" ብትይው ይሻላል። ደግሞ "ሳይሆን አይቀርም" ለኔ "ሊሆን ይችላል" ከሚለው ይጠነክራል፣ እኔ "ሳይሆን አይቀርም" ካልኩ ወደ እርግጠኛው ነኝ። ፔፐሩ ግን መሐል ላይ ነው የቆመው።

ጋሽ_ኤዲተር
ልክ ነሽ፣ አልፎኛል። "ሊሆን እንደሚችል ይገምታሉ" ይሁን።

ቦኩ_ተራራ
ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ። እኔን የሚያበግነኝ ሌላ ነው፣ የስሙ ነገር። የውጪ ፔፐር ላይ ያገራችን ሰው ስም ሲጻፍ የአባቱን ስም ያስቀድሙታል፣ እኛ ደግሞ በራሱ ስም ነው የምንጠራው። ሪፈረንስ የሚሠራው ሶፍትዌር ሁልጊዜ ይገለብጥብኛል፣ አንዱን ሰው ጽሑፌ ውስጥ በራሱ ስም ጠቅሼ መጨረሻ ላይ ዝርዝሩ ውስጥ በአባቱ ስም ይወጣል፣ አንባቢው ሁለት ሰው ይመስለዋል። ዓመተ ምሕረቱም እንደዛው፣ በኛ 2011 ያለው እነሱ ጋር 2018 ወይ 2019 ነው። ማኪ የአማርኛ መጽሔት ላይ ምን ልታደርጊ ነው?

መጻሕፍት_ጠባቂዋ
ቦኩ ጥያቄው ከዚህ ክር ትንሽ ወጣ ይላል ግን ጠቃሚ ነው። ሐሳቡን ለባለቤቱ መስጠት ካልሽ አንባቢው ያንን ሰው ፈልጎ ማግኘት አለበት። ያገር ውስጥ ጽሑፎች ላይ ባብዛኛው ኢትዮጵያዊ ደራሲ በራሱ ስም ነው የሚጠቀሰው፣ የአባት ስም ይከተላል። የትኛውንም ምረጡ፣ ጽሑፉ ውስጥና ዝርዝሩ ላይ ግን አንድ ይሁን። ፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ "እ.ኤ.አ." ይጨመርበት። ሶፍትዌሩ ላይ ስሙን ሙሉውን እንደ አንድ ስም አድርጋችሁ በእጅ ካስገባችሁት አይገለብጠውም፣ ብዙዎቹ እንደዛ ይፈቅዳሉ።

ማኪ_አዳማ
እሺ ቦኩ አሰብበታለሁ። ግን አሁን ሌላ ነገር አየሁ። ዛሬ ለማረም ፔፐሩን ስከፍት ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ቅንፍ ውስጥ የሌላ ሰው ስም አለ፣ የቆየ ፔፐር ነው፣ መ ልበለው። እና "ይገምታሉ" ያልኩት የሀ እና ለ ግምት ነው ወይስ የመ?

ጋሽ_ኤዲተር
አየሽ! ይሄ ነው ትልቁ ነገር። የሰው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሌላ ሳይቴሽን ካለ ሐሳቡ በከፊል የእነሱ ላይሆን ይችላል፣ አንቺ ደግሞ ለሀ እና ለ ሰጥተሽ የ«መ»ን ድርሻ ወሰድሽበት ማለት ነው። «መ»ን ፈልጊና አንብቢው። ካጣሽው ደግሞ "ሀ እና ለ እንደጠቀሱት መ..." ብለሽ ጻፊ፣ ዝርዝሩ ላይ ግን የምታስገቢው ያነበብሽውን ሀ እና ለን ብቻ ነው። ያላነበቡትን እንዳነበቡ አድርጎ ከሰው ዝርዝር እየገለበጡ ማስገባት እኛ አገር በጣም የተለመደ ነው፣ ሰው ግን ይይዝብሻል፣ አንዱ የጻፈው የገጽ ስህተት ካንዱ ወደ ሌላው ጽሑፍ ሲዞር ይታያል እኮ።

ማኪ_አዳማ
አገኘሁት፣ ነጻ ነው የሚወርደው። መ የጻፈው ስለኛ አገር ውሃ አይደለም ጭራሽ፣ ስለ ሌላ አገር ነው፣ ግን የፍሎራይቱን ነገር ያብራራው እሱ ነው፣ ካልሲየም ሲያንስ ፍሎራይድ እንደሚበዛ። ሀ እና ለ ያንን ወስደው ነው የስምጥ ሸለቆ ናሙናቸው ላይ ያዋሉት።

ጋሽ_ኤዲተር
እንግዲህ ሦስት ድርሻ አለሽ ማለት ነው። አሠራሩ የመ፣ ናሙናው የሀ እና ለ፣ አሠራሩ እዚህም ሊሠራ ይችላል የሚለው ግምት ደግሞ የሀ እና ለ። እንደዛ ለይተሽ ጻፊው።

ኬሚስቷ
ጋሽ ኤዲተር እዚህ ላይ አልስማማም። አሠራሩ የመ አይደለም፣ ካልሲየምና ፍሎራይድ ተያይዘው እንደሚወርዱ የኬሚስትሪ መማሪያ መጽሐፍ ላይ ያለ ነገር ነው፣ ማንም አልፈጠረውም። ውሃ በዜሮ ዲግሪ ይረጋል ለማለት ሳይት አታደርጉም አይደል? ማኪ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገሯን ያለ ስም ብትተወው ማንንም አልሰረቀችም። ሳይቴሽን ሲበዛ ደግሞ የመጽሔት ጽሑፍ አይነበብም።

ጋሽ_ኤዲተር
ላንቺ መማሪያ መጽሐፍ ላይ ያለ ነው፣ ለሒሳብ ሠራተኛዋ ግን አይደለም። የጋራ እውቀት የሚባለው የማን የጋራ ነው የሚለው ነው ችግሩ። ማኪ እራሷ ይሄን ያወቀችው ካንቺና ከፔፐሩ ነው። እኔ ጸሐፊው ራሱ ከየት እንዳገኘው የሚያስታውሰውን ይጥቀስ ባይ ነኝ።

ኬሚስቷ
እንደዛ ከሆነማ እኔንም ልትጠቅሰኝ ነው 😄

መጻሕፍት_ጠባቂዋ
ሁለታችሁም ላይ መጽሔቱ የራሱ መመሪያ ካለው እሱ ነው የሚገዛው፣ ከሌለው ግን እኔ ወደ ኬሚስቷ አደላለሁ፣ ለአሠራሩ ብቻ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ በሊትር 1.5 ሚሊግራም የሚለውን ቁጥር ማኪ ካስገባሽው ግን ሁሉም ሰው ቢያውቀውም ድርጅቱን ጥቀሺ፣ እሱ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፣ ተቋም ያወጣው ወሰን ነው።

ማኪ_አዳማ
እሺ በዚህ ልላከው ነው፣ ጋሼ እና ኬሚስቷ የሚስማሙበትን ስጠብቅ መጽሔቱ ሊወጣ ነው። «መ»ን አሠራሩ ላይ ሳልጠቅሰው አልፌዋለሁ፣ ሀ እና ለ ጋር ሲደርስ ግን ጠቅሼዋለሁ

«ካልሲየም ባለበት ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ እንደልቡ አይበዛም፤ ሁለቱ ተያይዘው ፍሎራይት የሚባል ማዕድን ሆነው ይወርዳሉ። ሀ እና ለ የስምጥ ሸለቆን የከርሰ ምድር ውሃ ሲመረምሩ ፍሎራይድ በበዛበት አብዛኛው ናሙና ላይ ያነሰው ይኸው ካልሲየም ነው፤ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ግን ከፍ ብለዋል። መ ለሌላ አገር ውሃ የሰጠውን ማብራሪያ ተከትለው፣ እኛም ጋር ፍሎራይዱ እስከ ምን ድረስ እንደሚወጣ በከፊል የሚወስነው የፍሎራይት ሟሟነት ሊሆን እንደሚችል ይገምታሉ። በወንጂ ዙሪያ የኛ ፕሮጀክት የሚከታተላቸው ጉድጓዶች ይህን ይከተሉ አይከተሉ ገና አልመረመርንም።»

የመጨረሻዋን የጨመርኳት የነሱ የት እንደሚያበቃና የኛ የት እንደሚጀምር እንዲታይ ብዬ ነው።

የፍራንኮ_ልጅ
አምስቴ "ፍሎራይድ" እና "ፍሎራይት" ስትይ ምላሴ ተሳሰረ፣ ግን ገባኝ። እንቅልፍም አልወሰደኝም።

ኬሚስቷ
"እኛም ጋር" የሚለው የስምጥ ሸለቆን በሙሉ ነው ወይስ አዳማን? እሱን አስተካክዪና ላኪው።

ማኪ_አዳማ
"በስምጥ ሸለቆም" አልኩት። ደግሞ አንድ ግራፍ አለች እነሱ የሠሩት፣ ካልሲየምና ፍሎራይድን የምታሳይ። እሷን በኤክሴል መልሼ ብሥላት፣ ቀለሙን ቀይሬ፣ "ምንጭ" ብል ይበቃል ወይስ ፈቃድ መጠየቅ አለብኝ?

መጻሕፍት_ጠባቂዋ
ፔፐሩ ነጻ ፈቃድ አለው? የመጀመሪያው ገጽ ታች ላይ ወይ ዌብሳይቱ ላይ የፈቃዱ ዓይነት ተጽፎ ይሆናል። እሱን አይተሽ እዚሁ ጻፊልኝ፣ መልሱ በሱ ነው የሚለያየው። ከቁጥሮቻቸው ተነስተሽ የራስሽን ሥዕል ብትሠሪ ይቀላል፣ ቁጥሮቹ የማን እንደሆኑ ግን ከሥሩ መጻፍ አለበት። ቀለም መቀየር ያው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርሽ ነው።